ቀዩ ፊኛ «የፍቅር ተምሳሌት» አይደለም፤ ሠንጠረዡን አውጡት

ሰሞኑን በመምህራን ግሩፖች ውስጥ አንድ የትምህርት ዕቅድ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። «በአጭር ፊልም ውስጥ ተምሳሌትን መተንተን» ይላል ርዕሱ፤ የታሰበው ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ያዘጋጀው ሰው ክፋት አላሰበም፤ ፊልምን ወደ ክፍል ለማስገባት መድፈሩም ያስመሰግነዋል። ጣጣው ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እዚያ አንድ ሠንጠረዥ ተዘርግቷል። በግራ በኩል ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ርግብ፣ ዝናብ፣ መስታወት፣ በር ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል መልሳቸው ተቀምጧል፦ ቀይ ፍቅር ወይም አደጋ፣ ነጭ ንጽሕና፣ ጥቁር ኀዘን፣ ርግብ ሰላም። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያ ፊልም ይታያል፤ ከዚያ ያየውን ዕቃ ከሠንጠረዡ ጋር ያዛምዳል፤ በመጨረሻ አሥር የምርጫ ጥያቄ ይሠራል። አንዱ ጥያቄ «ቀዩ ፊኛ የምን ተምሳሌት ነው?» ይላል። ሀ ፍቅር፣ ለ አደጋ፣ ሐ ነጻነት፣ መ መልስ የለም።

ልብ በሉ፤ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ፊልሙን ማየት አያስፈልግም። የኔም ጠብ ከዚህ ይጀምራል።

ሠንጠረዡ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይከብድም። እኛ አገር በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለተሰወረ ትርጉም ስንማር የምናገኘው የመጀመሪያው ነገር ሰምና ወርቅ ነው። ኅብረ ቃሉን አግኝ፣ ሰሙን ጻፍ፣ ወርቁን ጻፍ። ለቅኔ ይህ አሠራር ቦታ አለው፤ ባለቅኔው ሆን ብሎ አንድ ቃል ላይ ሁለት ፍቺ አስቀምጧልና፣ አንባቢው ሁለተኛውን ካላገኘ ቅኔው አልተፈታም። ሰሙ ደግሞ እንደ ስሙ ነው፤ ወርቁ ሲፈስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ይህን ልማድ ይዘን ወደ ፊልም ስንሄድ ግን በስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እንደ ሰም እናየዋለን። ፊኛውን አቅልጠን «ፍቅር» የሚል ወርቅ እናወጣና ፊኛውን እንጥለዋለን። በፊልም ውስጥ ተምሳሌት ቀልጦ አይወጣም። ፊኛው እስከ መጨረሻው ፊኛ ነው፤ አየር አለው፣ ክር አለው፣ ይፈነዳል። ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ፊኛነቱ በኩል ነው። የቅኔ መምህራን እዚህ ላይ «ቅኔም ቢሆን እንዲህ ደረቅ አይደለም» ብለው ቢቆጡኝ እውነት አላቸው፤ እኔ የምናገረው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለቀረው አጽሙ ነው።

እስቲ ነገሩን በአንድ ፊልም ላይ እንየው። የፈረንሳዩ አልበር ላሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው «ቀዩ ፊኛ» 34 ደቂቃ ብቻ ነው። ዋናውን ልጅ የሚጫወተው የራሱ የዳይሬክተሩ ልጅ ፓስካል ነው። የተቀረጸው ፓሪስ ውስጥ ሜኒልሞንታን በሚባል ዳገታማ የድሃ ሰፈር ነው፤ ከዓመታት በኋላ የዚያ አካባቢ ብዙ ክፍል ፈርሶ በአዲስ ሕንጻ ተተክቷል (ይህን ስትሰሙ ምን ትዝ እንደሚላችሁ ለእናንተ ልተወው)። በፊልሙ ውስጥ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም በጽሑፍ ድርሰቱ ኦስካር ወስዷል። ለእኛ ክፍል ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ዝምታው ነው፤ ትርጉም ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛው የደከመ ተማሪ ከጎበዙ እኩል ይጀምራል።

ታሪኩ አጭር ነው። ፓስካል ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ታስሮ የቀረ ትልቅ ቀይ ፊኛ ያገኛል፤ ወጥቶ ይፈታዋል። ፊኛ ይዞ በሕዝብ ትራንስፖርት መሳፈር አይፈቀድለትምና በእግሩ ይሮጣል። ከትምህርት ሲወጣ ይዘንባል፤ ፊኛው እንዳይረጥብ በመንገደኞች ጃንጥላ ሥር ያስጠልለዋል። ቤት ሲደርስ ትልቅ ሴት ፊኛውን በመስኮት ታወጣዋለች፤ ፊኛው ግን አይሄድም፣ መስኮቱ ላይ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ እንደ ቡችላ ይከተለዋል፤ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ርዕሰ መምህሩን ያናድዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይገባና ከልጁ ጋር ይባረራል። በመጨረሻ የሰፈር ልጆች ያሳድዱታል፣ በወንጭፍ ይመቱታል። ፊኛው ቀስ እያለ ይሟሽሻል፤ አንዱ ልጅ በእግሩ ይረግጠዋል። ያኔ በፓሪስ ያሉ ፊኛዎች ሁሉ ከያዟቸው እጆች አምልጠው ወደ ፓስካል ይመጣሉ፤ ክሮቻቸውን ይሰበስባል፣ ከከተማው በላይ ይዘውት ይወጣሉ።

አሁን ሠንጠረዡን ከዚህ ፊልም ጋር አስተያዩት። ቀይ ፍቅር ከሆነ በመጨረሻ የመጡት ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፊኛዎች ምንድን ናቸው? ልጁን ያነሱት እኮ እነሱ ናቸው። መሐል ላይ ደግሞ ፓስካል መንገድ ላይ ሰማያዊ ፊኛ የያዘች ልጅ ያገኛል፤ ቀዩ ፊኛ ጌታውን ትቶ ሰማያዊውን መከተል ይጀምራል። ትዕይንቱ አጭርና አስቂኝ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ነገር ግን ሕይወት ያለው ፊኛ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው፤ መጨረሻው ከሰማይ የወረደ ድንገተኛ ነገር እንዳይሆን የሚያደርገውም እሱ ነው። «ቀይ ማለት ፍቅር» ብሎ የገባ ተማሪ ይህን ትዕይንት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ታዲያ ቀይነቱ ምንም አያደርግም ማለት ነው? ያደርጋል። ግን ሥራው ከመዝገበ ቃላት አይገኝም፤ ከጎኑ ካለው ነገር ጋር ሲታይ ነው የሚገኘው። ሰፈሩ ግራጫ ነው፣ ግድግዳው ግራጫ ነው፣ የልጁ ልብስ ራሱ ግራጫ ነው። ፊኛው ባይኖር ፓስካልን ከግድግዳው መለየት ያስቸግራል። ተማሪ ይህን በራሱ ዓይን አይቶ «ቀለሙ ብቻውን የሚጮኸው ሌላው ሁሉ ዝም ስላለ ነው» ብሎ ሲጽፍ ተነተነ ይባላል። ፊኛው በመስቀል አደባባይ በበዓል ቀን ቢሆን ያው ቀይ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

እንግዲህ ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው፤ በሠንጠረዡ ፈንታ ምን ይደረግ? ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማየት ብቻ ነው። የኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ፊልሙ 34 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ለመግቢያ ንግግር ጊዜ የለም፣ አለመኖሩም ጥሩ ነው። መምህሩ «ዛሬ የምናየው ስለ ጓደኝነት የሆነ ፊልም ነው» ካለ ትምህርቱ እዚያው አበቃ፤ ስድሳ ተማሪ ጓደኝነትን ፍለጋ ይቀመጣል፣ ያገኘዋልም። ርዕሱን ብቻ ንገሩና አስጀምሩ። ሲያልቅ በሚቀሩት ደቂቃዎች እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ጊዜ በላይ ያየውን አንድ ነገር በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ። ትርጉም አይጻፍ፤ ነገሩን ብቻ። ወረቀቱ ተሰብስቦ መምህሩ ማታ ያነበዋል። ብዙው «ፊኛ» ይላል። ጥቂቶች ግን «በር»፣ «ደረጃ»፣ «ክር»፣ «መስኮት» ብለው ይጽፋሉ፤ የሚቀጥለው ቀን የሚሠራው በእነዚህ ጥቂቶች ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዋናው ነው፤ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ሙሉውን ፊልም መድገም አያስፈልግም። አራት ቦታ ብቻ ይመረጥ፦ ፊኛው ከምሰሶው የሚፈታበት፣ የጃንጥላው፣ የመስኮቱ፣ የመጨረሻው። እያንዳንዱ ላይ ምስሉ ይቁም። «ፖዝ» የምትለዋ ቁልፍ እዚህ ከመምህሩ ንግግር ትበልጣለች። በ1990ዎቹ ማብቂያ በፕላዝማ የተማርን ሰዎች ይህ ይገባናል፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ስክሪኑ ይሮጣል፣ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም፣ እኛ ገና ርዕሱን ስንጽፍ እሱ መልመጃው ላይ ደርሷል። ምስል አለ፣ ማየት ግን የለም። የማይቆም ፊልም ለትንተና አይሆንም።

ምስሉ ሲቆም አንድ ሕግ ይሥራ፦ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች «ማለት ነው» የሚል ቃል ክልክል ነው። «ፊኛው ነጻነት ማለት ነው» ያለ ተማሪ ይቀመጥ፤ በምትኩ ያየውን ይናገር። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ይፈዛል፤ ተማሪዎቻችን መልስ መስጠት እንጂ ያዩትን መናገር አልለመዱምና። መምህሩ ዝምታውን ይታገሥ። ቀስ ብሎ ይመጣል፦ «ታስሯል»፣ «ልጁ ሊያወርደው ወጣ»፣ «ክሩን በእጁ ጨብጧል»።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ። አንደኛ፣ ይህ ነገር ተመልሶ ይመጣል ወይ? ሁለተኛ፣ ሲመለስ ምኑ ተለውጧል? ተምሳሌትን ከተራ ዕቃ የሚለዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በፊልሙ መጀመሪያ ፓስካል አንድ ድመት ይደባብሳል። ሁልጊዜ አንድ ቀልጣፋ ተማሪ ይነሣና ድመቷ የምን ተምሳሌት እንደሆነች ያስረዳል። ድመቷ የልጁን ጠባይ ታሳየናለች፤ ነገር ግን ተመልሳ እየመጣች አትለወጥም። «ድመቷ ድመት ናት» ማለት መቻልም የትንተና አካል ነው። ይህን ያልተማረ ተማሪ ሁሉም ነገር ምሥጢር ይመስለዋል፤ የቢራ ጠርሙስ ላይ ያለ ሥዕል ሳይቀር የሚስጥር ማኅበር ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች እንዴት እንደሚፈጠሩ የዚህ ቻናል ተከታታዮች ታውቃላችሁ።

እስቲ «ክር» ብሎ የጻፈውን ተማሪ ይዘን እንሂድ። ምሰሶው ላይ ክሩ ፊኛውን አስሮታል። ልጁ ሲፈታው ክሩ ወደ ልጁ እጅ ተሻገረ፤ ፊኛው አሁንም ተይዟል። መስኮቱ ላይ ማንም ክሩን አልያዘም፤ ፊኛው መሄድ ይችል ነበር፣ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ባለው የፊልሙ ክፍል ፊኛው የሚከተለው ሳይያዝ ነው፤ እንዲያውም ልጁ ሊይዘው ሲሞክር ይሸሸዋል፣ ይጫወትበታል። የሰፈሩ ልጆች ሲያገኙት የመጀመሪያ ሥራቸው መያዝና ማሰር ነው፤ ይዘውት ደግሞ የሚያደርጉት ነገር የለም፣ ከመምታት በቀር። መጨረሻ ላይ ክሮቹ በብዛት ይመጣሉ፤ አሁን ግን የሚነሣው ፊኛው አይደለም፣ ልጁ ነው።

እነዚህን ደረጃዎች ሰሌዳ ላይ በተርታ ጻፏቸውና ክፍሉን ተመልከቱ። «ማለት ነው» የሚለው ክልከላ አሁን ይነሣ። ተማሪዎቹ የሚሰጡት ትርጉም ከሠንጠረዡ የተሻለ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ምክንያቱም መሬት ረግጧል። አንዱ ስለ ጓደኝነት ይናገራል፤ ግን «ሳይታሰር የሚቆይ» የሚል ቅጽል ይጨምርበታል። ሌላው ስለ ወላጅና ልጅ ያወራል። ሦስተኛው ስለ ሥልጣን ይናገር ይሆናል፤ ፊኛውን የሚያባርሩት ትራንስፖርቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ናቸውና።

እዚህ ላይ በኛ ክፍል ውስጥ መምጣቱ የማይቀር አንድ ትርጉም አለ። አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ይህ የክርስቶስ ታሪክ ነው» ይላል፤ ንጹሕ ሆኖ ተገደለ፣ ከዚያ ዕርገት ሆነ። የሚያስቅ ሐሳብ አይደለም፤ ፊልሙን እንደዚያ ያነበቡ ሐያስያን አሉ። መምህሩ ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አንዱ «ጎበዝ፣ ትክክል» ብሎ መዝጋት ነው፤ ያኔ የክፍሉ ግማሽ አጨብጭቦ ግማሹ ዝም ይላል፣ ውይይቱም ሞተ። ሌላው «ሃይማኖት አታምጣ» ብሎ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ልጁ ያየውን መናገር ወንጀል መሆኑን ተማረ። ትክክለኛው መንገድ ይህንንም እንደማንኛውም ንባብ መፈተን ነው። የሚደግፈው ምንድን ነው? ስደቱ፣ መመታቱ፣ መርገጡ፣ ወደ ሰማይ መውጣቱ። የማይስማማው ምንድን ነው? የተረገጠው ፊኛ አልተነሣም፤ የወጡት ሌሎች ናቸው። ያረገውም ልጁ እንጂ የተገደለው አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ፊኛውን አስወጥቶታል፤ ይህ ንባቡን ያፈርሰዋል ወይስ ያጠናክረዋል? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተማሪ በዚህ ጥያቄ እኩል ሊከራከር ይችላል፤ ማስረጃው ያለው በእምነቱ ውስጥ አይደለም፣ ሁሉም ባየው ስክሪን ላይ ነው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የጽሑፍ ነው። አንድ አንቀጽ፣ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ። በውስጡ ሦስት ነገር ይኑር፦ ነገሩ የታየባቸው ቢያንስ ሁለት ትዕይንቶች፣ በመካከላቸው የተለወጠው ነገርና ከዚያ የተነሣው ሐሳብ፣ በመጨረሻም ለዚህ ሐሳብ የማይመች አንድ ነገር። ከአሥር ነጥብ አራቱን ለመጀመሪያው፣ ሦስቱን ለሁለተኛው፣ ሦስቱን ለመጨረሻው እሰጣለሁ። «ትክክለኛ መልስ» የሚባል ነጥብ የለም።

ልዩነቱ እንዲታይ ሁለት አንቀጾችን በምሳሌነት ላስቀምጥ። ከሠንጠረዡ የሚወለደው እንዲህ ነው፦ «ቀዩ ፊኛ የፍቅር ተምሳሌት ነው። ምክንያቱም ቀይ ቀለም ፍቅርን ያመለክታል። ልጁም ፊኛውን በጣም ይወደዋል። ስለዚህ ከዚህ ፊልም ፍቅር ሁልጊዜ እንደሚያሸንፍ እንማራለን።» ሰዋስው ልክ ነው፤ ፊደሉም ያምራል። ግን ፊልሙን ያላየ ሰው ርዕሱን ሰምቶ ሊጽፈው ይችላል። ሁለተኛው እንዲህ ነው፦ «መጀመሪያ ፊኛው ምሰሶ ላይ ታስሮ ነበር። ልጁ ፈታው፣ ግን ራሱ ክሩን ያዘ። መስኮቱ ላይ ማንም ሳይዘው ጠበቀ። እኔ እንደመሰለኝ ፊልሙ የሚያሳየው ሳይያዝ የሚቆይ ነገር ነው፤ ሊያስሩት የፈለጉት ልጆች ያገኙት የሞተ ፊኛ ብቻ ነው። የማይገባኝ ግን መጨረሻ ላይ ልጁ ክሮቹን ሁሉ በእጁ መሰብሰቡ ነው፤ እሱም ያዘ ማለት ነው?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ሦስቱን ነጥብ ሙሉ ታገኛለች። በምርጫ ፈተና ላይ ይህ ተማሪ «ሐ» ቢያከብብ ዜሮ ይሰጠው ነበር።

መምህሩ የራሱን ሥራ የሚፈትንበት መንገድም አለ። ስድሳውን ወረቀት ሲያነብ ሃምሳው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ልጆቹ አልሰነፉም፤ ትርጉሙ በሆነ ሰዓት ከመምህሩ አፍ ወጥቷል። ያን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ በሚቀጥለው ዓመት ከንግግሩ ያውጣው።

«ለምን አጠር ያለ ፊልም አይመረጥም?» የሚሉኝ አሉ። «አላይክ» የተባለውን የ2015 የስፔን አኒሜሽን ብዙ መምህራን ይጠቀሙበታል፤ ስምንት ደቂቃ ያህል ነው፣ ያምራል። በግራጫ ከተማ የሚኖሩ አባትና ልጅ ቀለማቸውን ሲያጡና ሲያገኙ ያሳያል። ችግሩ ፊልሙ ራሱ መልሱን መስጠቱ ነው፤ ልጁ ፊደል እንዲጽፍ ሲገደድ ቀለሙ ይረግፋል፣ አባቱ ሲያቅፈው ይመለሳል። ተመልካች ሊሳሳት አይችልም። ለሰባተኛ ክፍል መጀመሪያ ይሆናል፤ ለ11ኛ ክፍል ግን የሚከራከሩበት ነገር አይተውላቸውም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ፕሮጀክተር የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ ከሲለበሱ ላይ ከየት ይመጣል? ክፍለ ጊዜውን በተመለከተ ዕቅዱ ራሱ ለሠንጠረዡ ቃል በቃል ጥናት ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቧል፤ ከዚያ ይወሰድ። መሣሪያውን በተመለከተ አንድ ላፕቶፕ ካለ የመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ በሁለት ተራ ገብተው ያዩ። እሱም ከሌለ ፊልሙን ከአንድ ቀን በፊት መምህሩ ራሱ አይቶ አራቱን ትዕይንቶች በስልኩ ፎቶ ያንሣቸውና ያሳትማቸው፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ተማሪ አንድ ስብስብ ይዳረስ። እንቅስቃሴው ይጎድላል፤ በተለይ ፊኛው ቀስ እያለ የሚሟሽሽበት ትዕይንት በፎቶ አይያዝም፣ ያን መምህሩ በቃል ይተርከው። የክሩ ነገር ግን በአራት ፎቶ በደንብ ይታያል፤ ማን እንደያዘው፣ ማን እንደለቀቀው። ፎቶዎቹ በጥቁርና ነጭ ከታተሙ ፊኛው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ተማሪዎቹን «ይህ ፊኛ ምን ዓይነት ቀለም ያለው ይመስላችኋል? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁና መልሳቸውን ጻፉት፤ እውነተኛውን ቀለም ከዚያ በኋላ በስልካችሁ አሳዩዋቸው።